ግራቪዳና ፓራ፦ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ይጻፉ

በቅድመ ወሊድ ክትትል ካርድ ላይኛው ክፍል ግራቪዳ፣ ፓራ እና በሕይወት ያሉ ልጆች ብዛት የሚሞሉባቸው ቦታዎች አሉ። ከስም፣ ከአድራሻና ከዕድሜ ጋር ተጎራብተው ስለተቀመጡ ብዙ ባለሙያ እንደ ዕድሜ ይጠይቃቸዋል፤ የተሰጠውን መልስ ጽፎም ያልፋል። ዕድሜ ተጠይቆ የሚመለስ ነገር ነው። ግራቪዳና ፓራ ግን ተደምሮ የሚገኝ ውጤት ነው፤ ተደማሪዎቹ ሳይታወቁ የተጻፈ ድምር ደግሞ ትክክል ይሁን ስህተት ማንም ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ እዚህ የምከራከርለት አሠራር አንድ ነው። ሲመዘግቡ እያንዳንዱን እርግዝና አስቀድመው በተራ ይዘርዝሩ፤ ቁጥሩን ከዝርዝሩ አውጥተው መጨረሻ ላይ ይጻፉ። ሌላ ሰው የጻፈውን ሲያነቡም ቁጥሩን ወደ ዝርዝር መልሰው እስኪፈቱት ድረስ አይመኑት።

ከትርጉሙ እንነሳ። ግራቪዳ ሴቲቱ በሕይወቷ ስንት ጊዜ እንዳረገዘች ይናገራል። እርግዝናው በምን ተጠናቀቀ የሚለው አያገባውም፤ በሁለት ወሩ የወረደውም፣ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረውም፣ ሞላር የሚባለው ጤናማ ያልሆነ እርግዝናም፣ አሁን በሆዷ ያለውም እኩል አንድ አንድ ሆነው ይገባሉ። ፓራ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ለወሊድ ዕድሜ ደርሰው እንደተወለዱ ይናገራል። ልጁ ሞቶ መወለዱ ወይም ተወልዶ መሞቱ ቁጥሩን አይለውጠውም፤ በምጥ ይሁን በኦፕራሲዮን መውጣቱም እንዲሁ። ለወሊድ ዕድሜ ሳይደርስ የተቋረጠው፣ በራሱ ወርዶም ሆነ በሕክምና ተቋርጦ፣ አቦርሽን በሚለው ስር ይሰፍራል። ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው መንታ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች የሚቆጥሩት እርግዝናን እንጂ ልጅን ስላልሆነ፣ መንታ የወለደች ሴት በዚያ እርግዝና አንድ ግራቪዳና አንድ ፓራ ብቻ ትጨምራለች። ልጆቹ ሁለት ሆነው የሚቆጠሩት በሕይወት ያሉ ልጆች በሚለው ቦታ ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፦ «የወሊድ ዕድሜ» የት ይጀምራል? በኢትዮጵያ የተለመደው ወሰን 28 ሳምንት ነው። በአሜሪካ 20 ሳምንት ነው። ብሪታኒያም እንደኛ 28 ሳምንትን ትጠቀም ነበር፤ በ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ሕግ ሞቶ መወለድን የሚለየውን ወሰን ወደ 24 ሳምንት ዝቅ አደረገው። ወሰኑን የሚያስቀምጠው በአንድ ቦታና በአንድ ዘመን ያለጊዜው የተወለደን ልጅ ማትረፍ እስከ ምን ድረስ ይቻላል የሚለው ግምት ነው፤ ሕክምናው ሲለወጥ ግምቱም ይለወጣል። በሴቲቱ አካል ላይ የተሰመረ መስመር የለም። ስለዚህ ፓራ 3 የሚል ጽሑፍ የተጻፈበት አገር ሳይታወቅ ሙሉ ትርጉም የለውም። በወሰኑ ዙሪያ ያለን እርግዝና፣ በተለይም ከ28 ሳምንት በፊት በሕይወት ተወልዶ የነበረን ልጅ፣ በቁጥሩ ብቻ ማለፍ ለቀጣዩ አንባቢ እንቆቅልሽ ጥሎ መሄድ ነው። ሳምንቱንና የሆነውን በቃል ይጻፉ።

ሥራውን ሲጀምሩ «ስንት ወልደሻል?» ብለው አይጠይቁ። ይህ ጥያቄ በአብዛኛው የሚያመጣው በሕይወት ያሉትን ልጆች ቁጥር ነው። ከቤት ያሉትን ልጆች የምትቆጥር እናት የሞተውን ላታነሳው ትችላለች፤ መንታዎቹን ሁለት ብላ ትቆጥራለች፤ የባሏን ልጅ ከልጆቿ ጋር ደምራ የምትናገርም አለች። የወረደው ደግሞ በእሷ ዘንድ «ወሊድ» ስላልሆነ ከመልሱ ውጭ ይቀራል። ይልቅ ከመጀመሪያው እርግዝና ተነስተው በተራ ይምጡ፦ «እህቴ፣ መጀመሪያ ያረገዝሽው መቼ ነው? የወረደም ቢሆን፣ የሞተም ቢሆን ንገሪኝ።» ከዚያም «ከእሱ ቀጥሎስ?» እያሉ እስከ አሁኑ ይድረሱ። በሁለት ወሊድ መካከል የአራት ወይም የአምስት ዓመት ክፍተት ካገኙ ቆም ይበሉ፤ መከላከያ ትወስድ እንደነበር ወይም በመሃል ሌላ እርግዝና እንደነበረ የሚያውቁት ሲጠይቁ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ባልም አማትም በሌሉበት መሆን አለበት። ከቀድሞ ትዳር የነበረን ወይም በሕክምና የተቋረጠን እርግዝና ቤተሰቧ ፊት እንድትናገር መጠበቅ፣ የተሳሳተ ግራቪዳ ለመመዝገብ መስማማት ነው።

ለእያንዳንዱ እርግዝና አምስት ነገር ይያዙ፦ ዓመቱን፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ በምን እንደተጠናቀቀ፣ የት እና እንዴት እንደተወለደ፣ ልጁ አሁን በሕይወት መኖሩን። ከአምስቱ የሚያስቸግረው የቆይታው ጊዜ ነው፤ ካርዱ በሳምንት ያስባል፣ እናቲቱ በወር። 28 ሳምንት 196 ቀን ነው፤ በእኛ በሠላሳ ቀኑ ወር ሲመነዘር ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ከ16 ቀን ይሆናል። እንግዲህ «በሰባት ወሬ» የሚለው መልስ በትክክል ወሰኑ ላይ ተቀምጧል። ሰባተኛው ወር ገብቶ ከሆነ አቦርሽን ሊሆን ይችላል፤ ሰባት ወር ሞልቶ ከሆነ ፓራ ነው። «ገብቶ ነው ወይስ ሞልቶ?» የሚለው አጭር ጥያቄ እዚህ ላይ ብዙ ያተርፋል። አንዳንዷ እናት ደግሞ መቁጠር የምትጀምረው የወር አበባዋ ከቀረበት ቀን ነው፤ ያኔ የእሷ ቁጥር ከካርዱ አራት ሳምንት ያህል ያንሳል። የሚያስታውሱት በዓል ካለ ይጠቀሙበት። የመጨረሻ የወር አበባዋን በመስቀል ሰሞን አይታ፣ ፅንሱን ያጣችው በመጋቢት ገብርኤል ዕለት ከሆነ፣ ከመስከረም 17 እስከ መጋቢት 19 ያለው 182 ቀን ነው፤ 26 ሳምንት ማለት ነው። ለሙስሊም እናት ረመዳንና አረፋ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ የዚያን ዓመት ቀን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ለማስተማሪያ የተዘጋጀች እንጂ በእውን ያለች ሴት አይደለችም። የ32 ዓመት እናት በ20 ሳምንት እርግዝና ለክትትል መጣች እንበል። ስንት ወልደሻል ስትባል «ሦስት» ትላለች። በችኮላ የሚሞላ ሰው ሦስቱን ፓራ፣ የአሁኑን ጨምሮ ግራቪዳ አራት ብሎ ይጽፋል። በተራ ስትጠየቅ ግን ታሪኳ ይህን ይመስላል። በ2006 ሴት ልጅ በጊዜዋ ቤት ውስጥ ወለደች፤ ልጅቷ አለች። በ2008 በሦስት ወሩ ወረደባት፤ ጤና ጣቢያ ማህፀኗ ተጸዳ። በ2009 መንታ በ35 ሳምንት በኦፕራሲዮን ወለደች፤ አንደኛው በሦስተኛው ቀን ሞተ፣ ሌላው አለ። በ2012 ከላይ እንዳሰላነው በ26 ሳምንት ብዙም ሳታምጥ ሞቶ የተወለደ ነበር። በ2014 ወንድ ልጅ በጊዜው ሆስፒታል ውስጥ በምጥ ወለደች፤ ልጁ አለ። ስድስተኛው የአሁኑ ነው።

አሁን ይደምሩ። እርግዝናዎቹ ስድስት ስለሆኑ ግራቪዳ 6። 28 ሳምንት አልፈው የተወለዱት የ2006፣ የ2009ና የ2014 ናቸው፤ መንታው አንድ ሆኖ ተቆጥሮ ፓራ 3። የ2008ና የ2012 አቦርሽን 2። በሕይወት ያሉት ልጆች አንዲት ሴት ልጅ፣ ከመንታው የተረፈው አንድና የመጨረሻው ወንድ፣ በድምሩ 3። ካርዱ ላይ የሚጻፈው፦

```
G6 P3 A2
3 + 2 + 1 = 6
```

ሁለተኛው መስመር ማረጋገጫው ነው። ነፍሰ ጡር በሆነች ሴት ፓራና አቦርሽን ተደምረው ለአሁኑ እርግዝና አንድ ሲጨመርባቸው ከግራቪዳው ጋር እኩል መምጣት አለባቸው። ካልመጡ አንድ እርግዝና ተረስቷል፣ ወይም መንታ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፣ ወይም ከማህፀን ውጭ የነበረ እርግዝና በአቦርሽን ስር ሳይገባ ለብቻው ተጽፏል። የመጨረሻው ስህተት ላይሆን ይችላል፤ ለብቻው የሚጽፉ ተቋማት አሉ፤ ድምሩ ውስጥ ግን መግባት አለበት። ማረጋገጫው የማይዘው ስህተትም አለ። በችኮላ የተጻፈው G4 P3 ሦስት ሲደመር አንድ አራት ስለሚሆን ያለ እንከን ያልፋል። በዚያ ላይ ፓራ 3 የሚለው ትክክል ነው! እናቲቱ ያሉትን ልጆች ስትቆጥር የደረሰችበት ሦስትና ከወሊድ ቆጠራ የሚወጣው ሦስት በአጋጣሚ ገጠሙ። በዚህ ግጥምጥሞሽ ስር ግን ኦፕራሲዮኑ፣ የሞተው መንታና የ26 ሳምንቱ ፅንስ ተሸፍነው ቀርተዋል።

የተሸፈነው ነገር በሕክምናው ላይ ያለው ውጤት ቀላል አይደለም። የ2009ኙ ኦፕራሲዮን በማህፀኗ ላይ ጠባሳ ጥሏል፤ ያንን የማያውቅ ሰው ምጥ ለማስጀመር ወይም ለማፋጠን መድኃኒት ቢሰጣት ማህፀኗ የመቀደድ አደጋ ይጋረጥባታል፤ የእንግዴ ልጁም የት እንደተቀመጠ ማየት ያስፈልጋል። የ2012ቱ ያለብዙ ምጥ የመጣ መሆኑ የማህፀን በር አስቀድሞ የመከፈት ችግር እንዳለ ሊጠቁም ስለሚችል፣ አሁን በ20 ሳምንቷ ላይ እያለች ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተደርጋ መታየት ይገባታል። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ እርግዝና፣ የወረደው ጭምር፣ ሾተላይ ለሚባለው ችግር በር ሊከፍት ስለሚችል፣ ግራቪዳው አራት መሆኑና ስድስት መሆኑ ይለያያል። አምስትና ከዚያ በላይ ወሊድ ያላት ሴት ከወሊድ በኋላ ለደም መፍሰስ ይበልጥ የተጋለጠች መሆኗ የታወቀ ነው፤ ያንን የሚያሳየው ግን ፓራው እንጂ ግራቪዳው አይደለም። ሁለቱ ቁጥሮች ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይተካም።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። በጤና ጣቢያ ወረፋው ረጅም ነው፤ ለአንዲት እናት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ቁጥሩ የተፈጠረውም ነገሩን ለማሳጠር ነው ይባላል። የመጨረሻው እውነት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የሚያሳጥረው ንባብን እንጂ ጥያቄን አይደለም። አንዴ በደንብ የተዘረዘረ ታሪክ በቀጣዮቹ ክትትሎች፣ በምጥ ክፍልና ከወሊድ በኋላ ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ይሆናል፤ ሳይዘረዘር የተጻፈ ቁጥር ግን በየደረጃው እንደገና ያስጠይቃል፣ በምጥ ላይ ያለች ሴት ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የምትመች አይደለችም። ብዙዎቹ እናቶች ያሏቸው እርግዝናዎች ጥቂት ስለሆኑ ዝርዝሩ ራሱ አጭር ነው። ረጅም የሚሆንባት እናት በጥንቃቄ መጠየቅ የሚያስፈልጋት እሷው ናት።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ችግሩ የሁለቱ ቁጥሮች ማነስ ከሆነ አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበትን ባለአራት ቁጥር ፓራ መውሰድ አይሻልም? በዚያ አጻጻፍ ፓራ አራት ቦታ አለው። በቅደም ተከተል በጊዜያቸው ማለትም 37 ሳምንት ሞልተው የተወለዱ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ፣ የወረዱ፣ እና በሕይወት ያሉ ልጆች ይጻፋሉ። በምሳሌያችን ያለች ሴት ወደ ዋሽንግተን ሄዳ ክትትል ብትጀምር እንዲህ ትጻፋለች፦

```
G6 P2-2-1-3
```

በጊዜያቸው የተወለዱት የ2006ና የ2014 ስለሆኑ ሁለት። ያለጊዜያቸው የ2009ኙ መንታና፣ ወሰኑ 20 ሳምንት ስለሆነ፣ የ2012ቱም ጭምር ሁለት። የወረደው የ2008 ብቻ ስለሆነ አንድ። በሕይወት ያሉት ሦስት። በእርግጥ ይህ ከእኛው የበለጠ ይናገራል፤ ያለጊዜው የመውለድ ታሪክ እንዳላት ወዲያው ይታያል። ሆኖም ኦፕራሲዮኑ አሁንም የለም፤ መንታ መኖሩም አይታይም። ደግሞም አዲስ አበባ ላይ አቦርሽን 2 የተባለው እዚያ 1 ሆኗል፤ ለንደን ብትሄድ G6 P4+1 ትባላለች። ከመካከላቸው የተሳሳተ የለም። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን ከአገር ቤት የተጻፈ ካርድ ይዛችሁ ስትሄዱ ቁጥሩን ብቻ እንዲገለብጡት አትፍቀዱ፤ የእያንዳንዱን እርግዝና ሳምንት ንገሯቸው። በቁጥር ላይ ቁጥር መጨመር ዝርዝሩን የሚተካ ቢሆን ኖሮ ሦስት አገሮች ለአንዲት ሴት ሦስት ድምር ባልሰጡ ነበር።

ሌላ ሰው የጻፈውን ሲያነቡ ይህንኑ መንገድ ወደኋላ ይሂዱበት። መጀመሪያ ቁጥሩ የተጻፈው ከወሊድ በፊት ይሁን በኋላ ይለዩ፤ እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። ሴት ስትወልድ ፓራዋ በአንድ ይጨምራል፣ ግራቪዳዋ ግን ባለበት ይቆያል፤ አርግዛ ስትመጣ ተቆጥሮላታልና። የምሳሌያችን እናት በሰላም ስትገላገል G6 P4 A2 ትሆናለች፤ ያኔ አራትና ሁለት ብቻ ተደምረው ስድስት ይመጣሉ፣ የሚጨመር አንድ የለም። ፓርቶግራፍ ላይ የሚሰፍረው ስትገባ የነበረው ነው፤ የድህረ ወሊድ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው አዲሱ ነው። ሁለቱን ያላስተዋለ ሰው የአንዱን ወደ ሌላው ገልብጦ አንድ ወሊድ ያጠፋል ወይም ይጨምራል።

ቀጥለው በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይጠይቁ። G4 P0 A3 የሚል ካርድ ሲያዩ «የመጀመሪያ ልጇ ነው» ብለው ብቻ አይለፉ፤ ወልዳ አታውቅም፣ ሦስት ጊዜ ግን አጥታለች፣ በራሳቸው የወረዱ ከሆነም፣ ተከታታይ ስለሆኑ ካርዱ ለብቻው ከሚጠይቃቸው ጉዳዮች አንዱ ነው። የጠፋው በስንት ሳምንት ነው? በተመሳሳይ ወቅት ነው? የሚለውን ይከተሉ። ፓራው ከልጆቹ ቁጥር ከበለጠ የሞተ ልጅ አለ ማለት ነው፤ መቼና እንዴት የሚለው ይጠየቃል። የልጆቹ ቁጥር ከፓራው ከበለጠ መንታ አለ፣ ወይም የሌላ ሴት ልጅ ተቆጥሯል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ግን ምንም አልተፈጠረም ብለው አይደምድሙ፤ መንታ ወልዳ አንዱ የሞተባት ሴትም እኩል ቁጥር ይኖራታል።

ድምሩ አልገጥም ሲልዎት፣ እንዲገጥም ብለው ከቁጥሮቹ አንዱን አያስተካክሉ። የሚያውቁትን እርግዝና በዝርዝር ጽፈው፣ ያልተረጋገጠውን «በቀጣይ ክትትል ይጠየቅ» ብለው በግልጽ ይተዉት፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ካርዱን የሚከፍተው ባልደረባዎ ከዚያ ይቀጥላል።